ለግንበኛው የጻፍኩት ሁለተኛው ደብዳቤ

ግንበኛው ሥራዬን ጥሎ የሄደው ሕማማት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መሰላሉን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈ ተወው፤ አካፋውንና የልስን ማንኪያውን ግን አጥቦ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጠረ። ይህን ማየት ነበረብኝ። የሚመለስ ሰው ማንኪያውን ይዞ አይሄድም።

"እትዬ፣ ፋሲካን ሞጣ ከእናቴ ጋር ውዬ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ መጣሁ" አለኝ። መልካም በዓል ተባባልን።

ቤቱ ቢቸና ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን፤ ቦታውን ተመርተን ዓመታት አጥረነው ተቀመጥን። ባለቤቴ ቤቱን ሳያይ አረፈ። ሲሞት ደግሞ የተከራየናት ቤት አከራይ "ልጄ ሊያገባ ነው፣ ፈልጊ" ይለኝ ጀመር። ያጠራቀምነውን ይዤ ብሎኬት ቤት ለማሠራት ተነሣሁ። ግንበኛውን የመረጥኩት ባለቤቴ ሞጣ በሚያስተምርበት ዘመን ያስተማረው ልጅ ስለነበር ነው። በቀብሩ ላይ ከሞጣ ድረስ መጥቶ አልቅሶለታል። በእኔ ቤት ከዚያ በላይ ዋስ አልነበረም።

ቢሆንም ውል ተጽፏል። ጎረቤቴ የሆኑት ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው ያጻፉኝ። ክፍያው በአራት ዙር ነበር፤ መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲያልቅ፣ ቆርቆሮ ሲመታ፣ በመጨረሻም ልስኑ፣ ሊሾው፣ ኮርኒሱና በርና መስኮቱ ተጠናቆ ቁልፍ ሲያስረክበኝ። ሦስቱን ዙር እንደ ውሉ ከፈልኩ። አራተኛውን ግን ሥራው ሳይጀመር ሰጠሁት። "የብረት ዋጋ ሊጨምር ነው፣ መስኮቱን አሁኑኑ ሞጣ ልዘዘው" አለኝ፤ እኔም ለጎረቤቴ ሳልነግር ሰጠሁት። መስኮቱ ላይ እንዲሆን የፈለግኩትን የብረት ጌጥ፣ የስንዴ ዛላ የመሰለውን፣ በራሴ እጅ በደብተር ቅጠል ላይ ሥዬ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ሲከተው ደስ ብሎኛል።

ዳግም ትንሣኤ አለፈ። መጀመሪያ ለእሱ ሰበብ የምፈልግለት እኔው ነበርኩ። ስልክ ሲጠፋ ኔትወርክ ነው አልኩ። መንገድ ሲዘጋ፣ ምን ያድርግ፣ አልኩ። መንገዱ ተከፍቶ መኪና ሲመላለስ ደግሞ ታሞ ይሆናል አልኩ። ከሞጣ የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ ግን ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ መሠረት ሲያስቆፍር በደህና ጤና እንዳየው ነገረኝ።

ሰኔ ሲገባ የኪራይ ቤቷን ለቀቅኩ። መግቢያ ስላልነበረኝ ያላለቀው ቤቴ ገባሁ። የመስኮቱን ክፍት በላስቲክና በጆንያ መታሁት፤ በር አድርጌ ያቆምኩት የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። ሊሾ የሌለው ወለል ዝናቡ በጎን በገባ ቁጥር ጭቃ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ልጆች ንጽሕና ያስተማርኩ ሴት አልጋዬን በብሎኬት ከፍ አድርጌ ከረምኩ። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ደጅ ቆሜ ነበር የማናግረው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁሉም ግን ያውቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያ ክረምት ነው። አራት ገጽ ሆነ። ሌባ አልኩት፤ የመምህሩን አጥንት የበላ አልኩት፤ እናቱንም ሳልጨምር አልቀረሁም። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡልኝና አጥፈው መለሱልኝ።

"ጽሑፉ ያምራል" አሉ። "ግን ይህን ለራስሽ አስቀምጪው። ዳኛ ፊት ቢቀርብ የተሰደበው እሱ፣ ሰዳቢዋ አንቺ ትሆኛለሽ። አሁን ንገሪኝ፤ የምትፈልጊው ቤት ነው ወይስ ቅጣት?"

"ሁለቱንም ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"አንዱን ምረጪ።"

አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። ከዚያ ሄጄ ቤት ነው አልኳቸው።

ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት ሌላ ግንበኛ ጠርተው ቤቱን አስለኩ። የተሠራውም ያልተሠራውም ክፍል በክፍል ተጻፈ። እዚያ ላይ የምደብቀው ነገር ወጣ። በሥራው መሐል ከውሉ ውጪ ከኋላ ትንሽ ማድቤት እንዲጨምርልኝ በቃል ለምኜው ሠርቶልኛል፤ ዋጋውንም አልተነጋገርንበትም። ጎረቤቴ "ይህ የእሱ ነው፣ ይታሰብለት" አሉ። ጭቃ ላይ እየኖርኩ ለእሱ የሚታሰብ ነገር መኖሩ አቃጠለኝ። ግን እውነት ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። በውላችን መሠረት ሥራውን በጊዜው ሳያስረክብ ጥሎ መሄዱን ካስታወስኩ በኋላ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

"ነገሩን በፍርድ ቤት ሳይሆን በስምምነት እንድንጨርሰው እጠይቅሃለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መጥተህ ልስኑንና ሊሾውን ከጨረስክ፣ በሥዕሌ መሠረት የታዘዙትን መስኮቶችና በሩን ካስረከብክ፣ ኮርኒሱን በሠራኸው ማድቤት ልክ አቻችዬ ትቼልሃለሁ። በውሉ የተጻፈውን የመዘግየት ቅጣትም አልጠይቅህም። መምጣት የማትችል ከሆነ የማድቤቱ ዋጋ ተቀንሶልህ፣ ላልሠራኸው ሥራ የተቀበልከውን በሁለት ጊዜ ከፍለህ መልስ። ልኬቱን በሌላ ሰው ማስለካት ብትፈልግ በሬ ክፍት ነው።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ በር እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። አልሰረዝኳትም። ሁለቱንም ካላደረገ ክስ እንደምመሠርት በመጨረሻው መስመር ላይ ጎረቤቴ አስጨመሩኝ። በሁለት ቅጂ ጻፍኩት፤ አንዱ ለእሱ፣ ሌላው "ደርሶኛል" ብሎ የሚፈርምልኝ።

መስቀል እንዳለፈ በግንደወይን አድርጌ ሞጣ ወረድኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ስሚንቶና ቆርቆሮ የገዛንበት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው። ባለሱቁ የሞጣ ነባር ነጋዴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ባለቤቴን ያውቁት ነበር። ደብዳቤውን አሳየኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ፣ እሳቸውም ከእሱ የሚፈልጉት እንዳለ፣ የአንዱን ሰው ቤት በሌላው ሰው ገንዘብ እየሠራ ሲጎተት መቆየቱን ነገሩኝ። ከዚያ ሱቁን ዘግተው "ነይ፣ እናቱ ቤት ነው የሚገኘው" ብለው ተነሡ።

የእናቱ ቤት ያረጀ የጭቃ ቤት ነው። ከሩቅ ያየሁት ግን መስኮቶቹን ነበር። ሁለት አዲስ የብረት መስኮቶች፣ መስተዋታቸው የሚያበራ፤ በላያቸው የስንዴ ዛላ። ሦስት ዛላ ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደ ግራ፤ መሐል ላይ ስሥል የተሳሳትኳት ጠማማ ቅጠል እንኳ እንዳለች ነበረች።

እናቱ ደጅ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። የመምህሩ ባለቤት መሆኔን ሐጂ ሲነግሯቸው እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ባለቤቴን እያነሡ አለቀሱ። ልጃቸው ሰው የሆነው በእሱ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ቤት አስገብተው በመስኮቱ ሥር አስቀመጡኝ።

"ይህን ልጄ ነው ያስገባልኝ" አሉኝ። "ቤቴ ጨለማ ነበር። አሁን እንጀራዬን አይቼ እቆርሳለሁ።"

"ያምራል እናቴ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እንጀራ አቅርበው ብይ አሉኝ፤ አንድ ጉርሻ ቆርሼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ግንበኛው ሲገባ እኔን አየ፣ ሐጂን አየ፣ መስኮቱን አየ። ወደ ጓሮ መራን። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ፤ የማድቤቱ ነገር ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ስድብ ይጠብቅ እንደነበር ፊቱ ያስታውቃል።

"ሁሉም እውነት ነው" አለ። "ከአራቱ መስኮቶች ሁለቱን ሸጥኳቸው። ሁለቱ እነዚያ ናቸው። እትዬ፣ እናቴ ፊት ግን አያንሡብኝ።"

"የእኔ ክረምት እንዴት እንዳለፈ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ሰው ነግሮኛል።"

ሰው ነግሮት ነበር። ከሁሉም የበለጠ ያቺ ቃል ናት ያልወጣችልኝ። ጆንያውን፣ ጭቃውን፣ አልጋዬን ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ፍልሰታን ጾሞ ቡሄን አክብሯል።

ሐጂ ወደ እኔ ዞረው "መስኮቶቹን ዛሬ ነቅለሽ ብትወስጂ መብትሽ ነው፤ ሰው እጠራልሻለሁ" አሉ። ከውስጥ የእናቱ ድምፅ ይሰማል፤ ለእንግዳ እርጎ እንዲመጣ ጎረቤት እየጠሩ ነው። መብቴ መሆኑን አውቃለሁ። አሮጊቷ ፊት ግድግዳቸውን ማፍረስ ግን አልቻልኩም። ሰዎች ይህን ደግነት ይሉታል። እኔ እስከ ዛሬ ስሙን አላወቅኩትም፤ ምክንያቱም ያንጊዜ በልቤ ደግ ነገር አልነበረም፤ እልህና እፍረት ብቻ ነበር።

እስክሪብቶ አውጥቼ በደብዳቤው ሁለት ቅጂዎች ላይ የመስኮቱን መስመር ሰረዝኩ። በምትኩ አራት አዲስ መስኮቶች እስከ ኅዳር መጨረሻ ሠርቶ እንደሚያስረክብ ተጻፈ። በስርዙ ላይ ሁለታችንም ፈረምን፤ ሐጂና ሁለት ጎረቤቶች ምስክር ሆኑ። እናቱ ከደጃፍ እንኳን ደስ አላችሁ አሉ፤ አዲስ ሥራ የተዋዋልን መስሏቸው።

ግንበኛው በአሥረኛው ቀን ቢቸና መጣ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ዘጠኝ ቀን ሠራ፤ ልስኑ እንደ መስተዋት ነው፣ ሊሾው ውሃ አይቋጥርም። በሩንም አቆመ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ምሳውን አቀረብኩለት፣ ግን አብሬው አልበላሁም። ሲሄድ በሁለቱም እጁ ጨበጠኝና ለመስኮቱ እመጣለሁ አለ። ማንኪያውን አሁንም ቋጥሮ ይዟል።

ኅዳር አለቀ፤ ታኅሣሥም አለቀ። ስምምነቱን ይዤ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። በተፈረመው ወረቀት ብትከሺ ታሸንፊያለሽ አሉኝ። ክሱን ለማስጻፍ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ካሉት ራፖር ጻፊዎች አንዱ ፊት ተቀመጥኩ፤ ስሙን፣ አድራሻውን ነገርኩ። "ምን ይወሰንልሽ?" ሲለኝ ቀጠሮውን፣ ምስክር ከሞጣ ማመላለሱን፣ የሚዘጋውን መንገድ አሰብኩ። በመጨረሻም አሮጊቷ ልጃቸው የተከሰሰበትን ምክንያት ሲሰሙ አሰብኩ። የጻፈበትን ከፍዬው ተነሣሁ። መስኮቶቹን እዚሁ ቢቸና ብየዳ ቤት፣ ያለ ጌጥ፣ በቀጥታ ብረት አሠራሁ። ከጡረታዬ በየወሩ ከፍዬ ጨረስኩ።

ባለፈው ወር ከግንደወይን አንድ የማላውቀው ሰው በሬን አንኳኳ። ቤት ሊያሠራ እንደሆነ፣ አንድ የሞጣ ግንበኛ "ሥራዬን ቢቸና ሄደህ እይ" ብሎ ወደ እኔ እንደላከው ነገረኝ። አስገባሁት። ልስኑን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ወለሉን አየ። ከዚያ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማንኪያውን፣ ክረምቱን፣ ደብዳቤውን፣ ሞጣን። ስምምነቱንም አውጥቼ አስነበብኩት። ክፍያህን ከሥራው በፊት አትስጥ፣ ብዬም መከርኩት።

ሰውዬው በጥሞና ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ጊዜ እንደገና ግድግዳውን ዳሰሰ።

"እጁ ግን ጥሩ ነው" አለ። "ዋጋውም ከሌሎቹ ይረክሳል።"

ቅድመ ክፍያውን ለግንበኛው እንደሰጠው የሰማሁት በሳምንቱ ነው።