በየፎቶው ሥር የምትጽፍ ሴት

ወጥ ሠሪያችን ባሏን ተከትላ ላስ ቬጋስ የገባችው ዐቢይ ጾም ሊገባ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው ትንሿ ምግብ ቤታችን ደግሞ የዓመቱን ትንፋሽ የምታገኘው ከዚያ ጾም ነው። ባለቤቴ የእጅ አንጓዋን ታማ ድስት ማንሳት አቅቷታል፤ እኔ ሽሮ እንኳ አሳርራለሁ። ሰው ካላገኘን በራችንን ዘግተን ልንጾም ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛ የምንፈልገው በሰው በሰው ነው፤ ተያዥ ያላት፣ «የእገሌ ልጅ ናት» የምትባል መሆን አለባት። ማንነቷን የማላውቀውን ሴት ኩሽናዬ አላስገባም።

በዚያው ሰሞን ፌስቡክ ላይ በምለጥፋቸው የምግብ ፎቶዎች ሥር አንዲት የማላውቃት ሴት መጻፍ ጀመረች።

እንደ ሌላው ሰው «ዋው» ብላ ብታልፍ ግድ አልነበረኝም። እሷ ግን አጥብቃ አይታ ነበር የምትጽፈው። የክክ ወጡን ስለጥፍ «ሽንኩርቱ በደንብ ነው የበሰለው፤ ውሃ ለመጨመር አልተቸኮለም» አለች። የሽምብራ አሳውን ስለጥፍ ደግሞ «መልኩ ያምራል። ጅራቱ ጋ የተሰነጠቀው ሊጡ ደርቆ ይመስለኛል፤ በትንሽ ዘይት ታሽቶ ጥቂት ቢያርፍ ይይዛል» ብላ ጻፈች። አንድ ደንበኛ ሽሮው ቅቤ አለው ወይ ብሎ ሲጠይቅ «እሱን ባለቤቱ ያውቃሉ» ብላ በትሕትና ወደ እኔ መራችው። በአምስት ሳምንት ውስጥ ግን አንድም መልእክት አልላከችልኝም። ያሳሰበኝም ይኸው ነበር። ሰው ያለ ጉዳይ የሰው ደጅ አይጠናም።

ገጿን ከፈትኩት። በፊቷ ፋንታ የአበባ ፎቶ ነው ያለው፤ የማውቀው ጓደኛ የላትም። ከጤና ቁጥጥር የተላከች ትሆን አልኩ። ቀጥዬ ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ሰላይ ትሆናለች አልኩ። ሲመሽ ደግሞ ገንዘብ ላክልኝ የምትል አጭበርባሪ አደረግኋት።

«አንተ ሰውዬ፣ ወጥ አየች፣ ስለ ወጥ ጻፈች። ምን አደረገችህ?» አለች ባለቤቴ። «ታንክ ዩ በላትና ተዋት።»

ለሴትዮዋ «እናመሰግናለን» ብዬ መለስኩላት፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

በስድስተኛው ሳምንት መልእክቷ መጣ። ጓደኛዬ ስላልሆነች የገባው ከማላውቃቸው ሰዎች ጥያቄ ጋር ነው፤ ከላይ የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነበር፤ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ በኮሜንት ስንተዋወቅ ቆይተናል። አንድ ነገር ልለምንዎት ፈልጌ...»

«ይኸው መጣች! ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አልኩ። ሳልከፍተው ብሎክ አደረግኋት። ያን ቀን በራሴ እንዴት እንደኮራሁ!

ጾሙ ገባ። ከምግብ ዝርዝራችን ግማሹን ሰረዝን። ባለቤቴ በአንድ እጇ ታማስላለች፤ እኔ የሽምብራ አሳ እጠብሳለሁ፤ አሳው መጥበሻው ላይ ይፈረካከሳል። ያን የሴትዮዋን ምክር ፍለጋ ወደ ፎቶው ብመለስ የለም፤ ብሎክ ሳደርጋት የጻፈችው ሁሉ አብሮ ከዓይኔ ተሰውሯል። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ መንገዱን ተሻግረው ማዶ መብላት ጀመሩ።

«ሂድና ቅመስ፤ ምን እንዳገኙ እንወቅ» አለችኝ ባለቤቴ።

ሄጄ በላሁ። የሽምብራ አሳው ከራሱ እስከ ጅራቱ አልተሰነጠቀም። ያ የዘይቱ ምክር ትዝ አለኝ። ወጥ ሠሪዋን ጥሩልኝ አልኩ። አንዲት ጎልማሳ ሴት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣችና ትኩር ብላ አየችኝ። ለካ ፊቴን ከፎቶዬ ታውቀዋለች።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ገጽዎ እኮ ጠፋብኝ» አለች።

«ያን ቀን ምን ልትለምኚኝ ነበር?» አልኳት።

«ሥራ ነዋ። ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነው፤ ተያዥ የሚሆነኝ ሰው የለኝም። ሶ፣ ቢያንስ ሙያዬን ቀድመው ይወቁልኝ ብዬ ነበር የምጽፈው። ለእርስዎ ነበር አስቀድሜ የጻፍኩት። ከዚያ ለዚህኛው ቤት እንደዚያው አደረግሁ፤ እሱ መለሰልኝ።»

ምንም ቅሬታ የላትም። እኔ ግን አፈርኩ፤ ከእፍረቱም በላይ ተናደድኩ፣ በራሴ።

ቤቴ ገብቼ ብሎኩን አነሳሁ። የጻፈቻቸው ሁሉ በየፎቶው ሥር ተመለሱ፤ ተቀምጬ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ከዚያ የማዶውን ሰውዬ ገጽ ከፍቼ እሷ በሠራችው ወጥ ፎቶ ሥር ጻፍኩ። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ቀለሙ። በማግስቱም ጻፍኩ፣ በሦስተኛውም ሳምንት።

አንድ ቀን የማዶው ምግብ ቤት ባለቤት መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል።

«ጋሼ፣ በየፎቶዬ ሥር የምትጽፈው ምን ፈልገህ ነው? ሠራተኛዬን ልታስኮበልል ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ወጡ አምሮ ነው እንጂ» አልኩት።

አላመነኝም። እውነቱን ነበር፤ ሰው ያለ ጉዳይ የሰው ደጅ አይጠናም።