ከመቶው የፍቅር ድርሻ

ነቀምቴ በሚገኝ የመንግሥት ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ጡረታ የተቃረቡ አባላትን እንዳማክር ስመደብ፣ አጭር ሥልጠናና አንድ ከባድ ቃል ሰጡኝ። ቃሉ «የገቢ መተኪያ ምጣኔ» ይባላል። ትርጉሙ ቀላል ነው። ሰው ሥራ ላይ እያለ ከሚያገኘው ገቢ ውስጥ ጡረታ ሲወጣ ስንት እጁ ይቀጥላል? መቶ ይገባለት የነበረ ሰው ስድሳ ከቀረለት ምጣኔው ስድሳ በመቶ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ተሸክሜ ለመጀመሪያው ደንበኛዬ፣ ለአንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ፣ «የእርስዎ የገቢ መተኪያ ምጣኔ ዝቅተኛ ነው» አልኳቸው። ሐኪም ያነጋገራቸው መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና ቤተሰብ ሳይሰማ የሚወሰድ መድኃኒት ይኖረው እንደሆን ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ለሪፖርት ብቻ አስቀመጥኩት። ለሰው የማወራው ስለ በር ነው። አሁን በቤታችሁ በር በወር ምን ምን ይገባል? ደመወዝም ይሁን፣ የቤት ኪራይም ይሁን፣ ልጅ የሚልከውም ይሁን፣ ሁሉንም ንገሩኝ እላለሁ። ድምሩን መቶ እንለዋለን። ቀጥሎ ከጡረታ በኋላ በዚያው በር የሚገባውን እንቆጥራለን። ይህን የማይገባው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የሚያስቸግረው ሰዎቹ በሩን ሙሉ በሙሉ እንዲከፍቱት ማድረጉ ነው።

ባልና ሚስቱ የመጡት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። እሳቸው የከብት ክትባት ተቆጣጣሪ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለው ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የሚያሽከረክሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ደግሞ ለሁለቱም የሚበቃ ንግግር ነበራቸው። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ብለው ሳሙኝና ወንበሩን ራሳቸው ስበው ተቀመጡ። የመጡት ለምክር እንዳልሆነም የመልቀቂያ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወዲያው አስታወቁኝ። ከማኅበሩ ለቀው ቁጠባቸውን በሙሉ ሊወስዱ ነው። ማኅበራችን ከጡረታ በፊት መደበኛ ቁጠባን የሚመልሰው ከአባልነት ለሚለቅ ሰው ብቻ ነው፤ ጡረታ የወጣ ግን በየወሩ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይችላል። መልቀቂያ የጠየቀ አባል ደግሞ መጀመሪያ እኔን ሳያነጋግር አይስተናገድም፤ እኔ መውጫው ላይ የተተከልኩ ጉቶ ነኝ።

ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ከደመወዝ በትንሽ በትንሹ እየተቆረጠ የተጠራቀመ ነው። ቀስ ተብሎ ከተወሰደ ግን ለሁለት ሰው እርጅና ዓመታት የሚደግፍ ነው። ለምን እንደፈለጉት ስጠይቃቸው የሴትየዋ ፊት በራ። ቡርቃ ጃቶ ያለው ቤታቸው ሳሎን ጠባብ ነው። ሊያሰፉት፣ ወለሉን ሴራሚክ ሊያደርጉት፣ ዙሪያውን ሶፋ ሊደረድሩበት ነው። «ጡረታ ሲወጣ ገበሬው ሁሉ ሊጠይቀው ይመጣል» አሉኝ። «የት አስቀምጣቸዋለሁ? ከአንገር ጉቲን እስከ ኡኬ የማይወደው የለም።»

እዚህ ላይ ሳቄን ዋጥኩ። የተወለድኩት አንገር ጉቲን፣ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩ ገበሬዎች ቤት ነው። የመንግሥት ሞተር ብስክሌት ድምፅ ሲሰማ በሬው ወደ ጫካ፣ አባወራው ወደ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ክትባት ለከብታችን እንደሚበጅ ብናውቅም ከከታቢው ጋር ፍቅር ይዞን አያውቅም። ግን እንግዳ ሰው ፊት የባልን ክብር መንካት ነውር ነው፤ ወደ በሩ ጥያቄዬ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ጡረታውን አሰላን። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አገልግሎት ሠላሳ በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ከሩብ ይጨመራል። የሃያ አራቱ ዓመት ሠላሳ ሲሆን በድምሩ ስድሳ በመቶ ይመጣል። ሴትየዋ «ጋሪዳ! ስድሳ ጥሩ ነው» አሉ። ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ደስ ይለዋል፤ ደስታውን የማፈርሰው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ስድሳው የሚሰላው አሁን ከሚከፈላቸው ላይ ሳይሆን ከመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ መደበኛ ደመወዝ ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። የደመወዝ ጭማሪው በቅርብ የመጣ ስለሆነ አማካዩ ስድሳውን ወደታች ይጎትተዋል፤ ከአሁኑ ደመወዝ ጋር ሲተያይ ወደ ግማሽ ይጠጋል። አበል የሚባል ነገር ሁሉ ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠርም። ይህን ስል ኮፍያው መሽከርከሩን አቆመ።

ጥሩም ዜና ነበረኝ። አሁን ደመወዛቸው መቶ ቢሆን ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ እጃቸው የሚገባው ሰባ አምስት ያህል ነው። ከጡረታ አበል ላይ ግን ሁለቱም አይቆረጡም፤ ሃምሳውም ሃምሳ ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ሃምሳውን የምናወዳድረው ወረቀት ላይ ካለው ደመወዝ ጋር ሳይሆን በበር ከሚገባው ጋር ነው። «ታዲያ ከደመወዙ ሌላ በበራችሁ ምን ይገባል?» አልኳቸው።

ሴትየዋ ይህን ጥያቄ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ማር፣ ቅቤ፣ ከአንገር ጉቲን በቆሎ፣ ከኡኬ ዶሮ፣ በፋሲካ ሰሞን ሙክት፣ አንዳንዴም እንቁላል። ሁሉም ገበሬዎቹ ለባላቸው የሚሰጡት ስጦታ ነው። ለዓመታት ለቅቤ ገበያ ወጥተው አያውቁም። ጎረቤትም ይቀናል፤ አንድ ማሰሮ ማር ሲመጣ እሳቸው «የሱ ገበሬዎች የላኩት ነው» እያሉ ለየቤቱ ያድሉታል። ዋጋውን ግን አሳምረው ያውቃሉና በገበያ ሒሳብ ስናሰላው በወር ሃያ አምስት ያህል ሆነ። ከሰባ አምስቱ ጋር መቶ ሞላ። «ከጡረታ በኋላ ሃምሳው አለ፤ የገበሬው ሃያ አምስት ደግሞ አይቋረጥም፣ ፍቅር ጡረታ አይወጣም። ሰባ አምስት በመቶ! ሳሎኑን እሠራለሁ» አሉና የባላቸውን እጅ ጨበጡ። ሒሳቡ ላይ አንድም ስሕተት አልነበረባቸውም። ካማከርኳቸው የቢሮ ሠራተኞች የሚበልጡ ተማሪ ነበሩ።

እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክፉ ነገር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ከገበሬ ቤት ሙክት ጭኖ የሚመለስ ባለሥልጣን ሲነገረኝ ወደ ፍቅር አይደለም የማስበው። ጉቦም ቢሆን ለሒሳቤ ያው ነው፤ ሥልጣን ሲቀር አብሮ ይቀራል። ብቻ ይህን በየትኛው አፌ እጠይቃለሁ? አዙሬ፣ ስጦታው ቀርቶ የሚያውቅበት ጊዜ እንዳለ ጠየቅኳቸው። ሴትየዋ አሰቡና፣ መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ አሉኝ። ባላቸው ለወራት መስክ ሳይወጡ ቢሮ ተቀምጠው ነበር፤ ያኔ አንድ ዶሮ እንኳን አልመጣም። «ፍቅሩም መንገድ ተዘጋበት» ብለው ሳቁ። ባልየው አልሳቁም።

መስክ ሲወጣ የውሎ አበል አለ፤ መስክ ሳይወጣ የውሎ አበል የለም፣ ዶሮም የለም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቀና ብዬ ባልየውን ሳያቸው እሳቸውም እያዩኝ ነበር፤ እንደገባኝም ገብቷቸዋል። አሳዘኑኝ። ዝም ቢሉ ስማቸው ይተርፍና ቁጠባቸው ሴራሚክ ይሆናል። ቢናገሩ ቁጠባው ይተርፍና እዚያ ወንበር ላይ ያሉት ሴት የሚኮሩበት ሰው ይጠፋል። ያሉትን ብቻ ደገምኩላቸው። «ሃያ አምስቱ ከጡረታ በኋላ ይገባል ካላችሁ ሰባ አምስት ነው። ካልገባ ግን ሃምሳ ነው፤ የበራችሁ ግማሽ። ያኔ ጉድለቱን የሚሞላው ይኼ ቁጠባ ብቻ ነው። ይገባል ወይ፣ ጋሼ?»

ባልየው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለኮፍያው ተናገሩት።

«አይገባም። ገዝቼ ነው የማመጣው።»

«ምኑን?» አሉ ሚስታቸው።

«ማሩን። ቅቤውን። ሙክቱንም። በውሎ አበሌ ነው።»

ሴትየዋ ዱጋውን፣ እውነቱን፣ እንዲናገሩ ደጋግመው ጠየቋቸው። የአንገር ጉቲኑ በቆሎም? እሱም። በገና የመጣው ዶሮም? እሱም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋቸው መልሳቸው አጭር ነበር። አንድ ጊዜ፣ ገና እንደተጋቡ፣ የገዙትን ማር «ሰጡኝ» ብለው ዋሹ፤ ሚስታቸው በጣም ደስ አላት፤ ደስታዋን ከዚያ በኋላ ማቆም አቃታቸው። ሌላው የውሎ አበሉን ሲጠጣበት እሳቸው የመወደድ ዝና ገዙበት። ከእነ ማሰሮው ተሸክመው፣ በኮሮኮንች መንገድ።

«እኔስ ለገበሬዎቹ በእጅህ የላክሁላቸው?» አሉ ሴትየዋ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ስኳሩ? ለኡኬዋ አሮጊት የላክሁት ሻሽ?»

ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ሻሹን ሰጠኋት። ዶሮ የምትሸጥልኝ ሴት ናት። ግራ ገባት፣ ገበያተኛ ሻሽ ሰጥቶኝ አያውቅም አለች። እንቁላሉ ከዚያ ወዲህ ነው የመጣው። እሱን አልገዛሁትም። ለሚስትህ ብላ የምትልከው ነው።»

ባልና ሚስት ሲጣሉ ብዙ አይቻለሁ፤ ገላጋይነቱም ከደመወዜ ጋር የሚታሰብ ሥራዬ ነው። በዚህኛው ግን እንባዬ እንዳይታይ ወደ ሒሳቡ አጎነበስኩ። ሴትየዋ የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ የመልቀቂያ ማመልከቻውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ቀሪውን አብረን ሠራን። ግማሹ መቶ እንዲሆን እንደማያስፈልግ አሳየኋቸው። ለቁጠባ የሚቆረጠው ይቀራል፤ የመንገድ ላይ ምሳቸው ይቀራል፤ የሕክምና ወጪ ግን ሊጨምር ይችላል፤ ገበያ በተወደደ ቁጥርም ጡረታ አብሮ አይጨምርም። በተረፈው ጉድለት ላይ ቁጠባው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢጨመር ለዓመታት ይዘልቃል። ሴትየዋ ማሩንና ቅቤውን እየጠሩ አንድ በአንድ አሰረዙኝ። እንቁላሉ ላይ ስደርስ ግን እጄን ያዙኝ።

«እሱን ተይው» አሉኝ። «እሱ ይገባል።»

ሳሎኑስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው እያስነሷቸው ነበር።

«ለኡኬዋ ሴት ነው?» አሉኝ። «ለሷ አንድ ወንበር ይበቃል።»