ከቀዩ በፊት ኢሜይሉ

ሸበካው፣ ኔትወርኩ ማለት ነው፣ ሲጠፋ ስልኬ ሰዓት ማያ ብቻ ይሆናል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ኔትወርክ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ሲመጣ ግን ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ስልኩ ላይ ያጎነብሳል። ያን ቀን ሰሊጥ ከምናበጥርበት መጋዘን ተመልሼ አቧራውን ገና ከፊቴ ሳልታጠብ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ።

ስልኩ የእኔ ይባል እንጂ የሦስታችን ነው። የእህቴ ስልክ ከመንደር ስምንት የስደተኞች ጣቢያ ወደ ከተማ ስንመጣ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ተሰባብሯል። አብራን የምትኖረው የመተማዋ ልጅ ደግሞ የራሷን ገበያ ውስጥ ተሰርቃለች። ስለዚህ የሁላችንም አካውንት እኔ ስልክ ላይ ነው። የሆነ ቦታ በገባን ቁጥር ስልኩ "የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?" ይለኛል፤ እኔም ሁልጊዜ "አስቀምጥ" እላለሁ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ይሞላልናል፤ እኛ ማስታወስ የለብንም።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ ካስቀመጧቸው የይለፍ ቃሎች መካከል በመረጃ ስርቆት የወጣ ተገኝቷል፤ አሁኑኑ ይፈትሹ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ውሸት ነው ብዬ ነው። "መኪና አሸንፈዋል" የሚል መልእክትም ይመጣልናል። ስለዚህ መልእክቱን አልነካሁትም፤ በራሴ መንገድ በስልኩ ቅንብር ገብቼ የይለፍ ቃል ማስቀመጫውን ከፈትኩ። እዚያም አለ። ከላይ በቀይ "የተጋለጠ" የሚል፣ ከሥሩ በቢጫ "በብዙ ቦታ የተደገመ" የሚል። ማንበብ ስለማልፈጥን ሁለት ጊዜ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ከቀዩ ሥር የተጻፈው አድራሻ የእህቴ ኢሜይል ነበር።

ያ ኢሜይል ለእህቴ ሁሉ ነገሯ ነው። ባሏ ከተሻገረበት አገር ሆኖ የቤተሰብ ማመልከቻ አስገብቶላታል። የቃለ መጠይቋ ቀን የሚነገራት በዚያ ኢሜይል ብቻ ነው። ቀኑ ካለፈሽ እንደገና ከመጀመሪያው ነው ብለዋታል።

"እትዬ፣ ነይ እስቲ" አልኳት።

እህቴ ከመምጣቷ በፊት የመተማዋ ልጅ ደረሰች። እሷ ከሁሉም በፊት ትደርሳለች።

"ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ፓስዎርድ ወጥቷል ይላል።"

"የቱ ፓስዎርድ?"

ቀዩን ጠጋ ብዬ ሳየው የልብስ ገጽ ነበር፤ ኢሜይሏ የገባችበት ስም ብቻ ነው። እህቴ ከሠርጓ በፊት የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ታይበት የነበረ፣ ከረሳችው ብዙ ጊዜ የሆነው። የተሰረቀው የዚያ ገጽ መዝገብ ነው፤ ስልካችንን የነካው የለም።

እህቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ። "የቀሚሱ ነው? ይውሰዱታ! ቀሚሱንም አልለበስኩት።"

"ቆይ እኔ አጠፋልሻለሁ" አለች የመተማዋ ልጅና ስልኩን ከእጄ ነጠቀች። ቀዩን ነካች፣ የእርሳስ ምልክቷን ነካች፣ የድሮውን ቃል አጥፍታ የእናቷን ስምና ቁጥር ጻፈች፣ "አስቀምጥ" አለች። ተመልሳ አስፈተሸችው። ቀዩ የለም። "ይኸው! ሐኪም ማለት እኔ ነኝ!" እያለች ዳስ ሥር ጨፈረች።

እነሱ ሲስቁ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ፊቴን ልታጠብ ሄጄ ውሃውን ሳልነካ ተመለስኩ። አንድ ነገር ጎረበጠኝ፦ የልብስ ገጹን ማንም አልከፈተውም። የተለወጠው እኛ ዘንድ የተጻፈው ብቻ ነው። የበሩን ቁልፍ ሳይነኩ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ቁልፍ እንደመቀየር ሆነብኝ። ገጹን ራሱን ከፈትኩና ልግባ አልኩ። ስልኩ አዲሱን ቃል ሞላ፤ ገጹ "ተሳስተዋል" አለ። የድሮውን በእጄ ጻፍኩ። ከፈተ። የእህቴ ቀሚሶች ሁሉ እዚያው ተደርድረዋል።

"ምንም አልተለወጠም" አልኩ። ድምፄ ስለማይወጣ ማንም አልሰማኝም። ስልኩን ወስጄ እህቴ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። "እትዬ፣ ምንም አልተለወጠም። በድሮው ቃል ይከፈታል።"

የመተማዋ ልጅ አየችው። "እሺ፣ ገጹ ላይ ገብተን እንቀይረው። ቀዩ እሱ አይደል?"

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ቀዩን እንከተል ወይስ ቢጫውን? ቢጫውን ከፈትኩት። አንድ ቃል ብዙ ቦታ ተደግሟል ብሎ ቦታዎቹን ደርድሯቸዋል፦ የልብሱ ገጽ፣ የእህቴ ኢሜይል፣ የመተማዋ ልጅ ቪዲዮ የምታወጣበት ገጽ። ገበያ ውስጥ ለእኛ ሰው አካውንት የሚከፍተው ልጅ "እንዳትረሱት" እያለ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ቃል ሰጥቶናል፤ የሱቁን ስምና ጥቂት ቁጥር። እህቴ ልብሱንም በዚያው ከፍታዋለች።

"አየሽ" አልኳት ቀስ ብዬ፣ "ሌባው አሁን የያዘው ኢሜይልሽንና ይህን ቃል ነው። ቀሚስ አይፈልግም። ሁለቱን ይዞ ኢሜይሉ ላይ ይሞክራል።"

እህቴ ብድግ አለች። "ገብተዋል?"

"አላውቅም። ግን መጀመሪያ ኢሜይሉ ነው።"

"የእኔስ?" አለች የመተማዋ ልጅ። "የእኔ ገጽም በዚያው ቃል ነው እኮ። እናቴ የምታየኝ በዚያ ነው። ለምን የእሷ ይቀድማል፣ እህትሽ ስለሆነች?"

ከሰው ጋር መከራከር አልወድም፤ ፊቴ ይግላል። ግን ሸበካው ሊሄድ ይችላል፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። "ገጽሽን የከፈትንልሽ በማን ኢሜይል ነው?"

አሰበች። "በእሷ።"

"ኢሜይሏን የያዘ ሰው 'ረሳሁ' ብሎ የአንቺን መቀየር ይችላል። አዲሱ ማለፊያ የሚላከው እዚያ ነዋ።"

"ኤጭ!" አለች። "በሉ ቶሎ በሉ!"

ኢሜይሉ ውስጥ ገብቼ ቃል መቀየሪያውን ነካሁ። እርስዎ መሆንዎን ያረጋግጡ አለኝ። ኮድ ልኬያለሁ አለ፤ ወደ ማን ስልክ? የቁጥሩን መጨረሻ ብቻ ያሳያል። እህቴ አጎንብሳ አየችና "የኻልቲ ነው" አለች።

ኻልቲ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት፣ ሱዳናዊት ናቸው። ኢሜይሉ ሲከፈት እኛ በስማችን ሲም ማውጣት ስላልቻልን የእሳቸውን ቁጥር ሰጥተን ነበር። እሳቸው ደጅ አልጋ ላይ ተቀምጠው ከጎረቤት ጋር ያወራሉ። እህቴ አረብኛዋ ደካማ ነው፤ የመተማዋ ልጅ ደግሞ ትናንት ከእሳቸው ጋር በውሃ ተጣልታለች። መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ሄጄ በሁለቱ ሴቶች ፊት ቆምኩ።

"ምን ሆነሻል፣ ያ ቢቲ?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"ኻልቲ፣ ስልክዎ ላይ ቁጥር መጥቷል። ይንገሩኝ።"

ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አጣበቁት። "ቁጥሩን? ወላሂ አልናገርም! የባንኩ ሰው ቁጥር ለማንም እንዳትሰጡ ብሎናል። የጎረቤቴ ልጅ ቁጥር ነግሮ ያለውን ሁሉ ወሰዱበት።"

ጎረቤታቸው ራሷን ነቀነቀች። "ልክ ነሽ፣ እንዳትሰጪ።"

እውነታቸውን ነው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልሰጥም። "የባንክ አይደለም፣ የእህቴ ነው" ስል፣ "እነዚያም እንዲሁ ነው የሚሉት" አሉኝ። ከውስጥ የመተማዋ ልጅ "ኮዱ አለፈበት!" ብላ ጮኸች።

ያኔ ያልኩት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "እንግዲያው አይንገሩኝ። ይምጡና በእጅዎ ይጻፉት። እኔ አላይም።"

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ሽፋናቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ዳሱ ሥር ገብተው ስልኬን ተቀበሉ። ሌላ ኮድ ላክ የሚለውን ነካሁላቸው። የእሳቸው ስልክ ጮኸ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ የራሳቸውን ስልክ ከሻሻቸው ሥር እያዩ በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ። "ዞር በሉ!" አሉን። ሦስታችንም በገዛ ቤታችን፣ ግድግዳ ወደምንለው የሣር አጥር ዞረን ቆምን። የመተማዋ ልጅ ሳቋን ለማፈን ሻርፗን ነከሰች። እህቴ ግን ጸሎት ላይ ነበረች።

ኮዱ ገባ።

ስልኩ ራሱ አዲስ ቃል ሠራልን፤ ረጅም፣ ትርጉም የሌለው። "ይህን ማን ያስታውሰዋል?" አለች እህቴ። "ማንም አያስታውሰው፣ ስልኩ ይይዘዋል" አልኳት። ኢሜይሉ ቃሉ ተቀይሯል ብሎ ሲያረጋግጥልኝ ማስቀመጫው ደግሞ አዲሱን ላስቀምጥ አለኝ። አሁን ሁለቱም አንድ ሆኑ።

ከዚያ ኢሜይሉ ውስጥ የገቡ ስልኮችን ዝርዝር አየሁ። የእኔ አለ። ሌላም አለ፤ የማናውቀው ስልክ፣ ቦታው ገዳሪፍ።

"የተሰበረው የአንቺ ይሆን?" አለች የመተማዋ ልጅ።

"የእኔ ስልክ ዓይነት እንዲህ አይባልም ነበር።"

ምናልባት የሱቁ ልጅ ነው፤ ሲከፍትልን በራሱ ስልክ ገብቶ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል። ምናልባት ሌላ ሰው ነው። ስክሪኑ የሰው ስም አይናገርም። አስወጣሁት፤ መስመሩ ጠፋ። እህቴ ግን ባዶውን ቦታ እያየች ቀረች።

"የቃለ መጠይቁ መልእክት መጥቶ አጥፍተውት ቢሆንስ?"

የመጣውን አየን፣ የተጣለውን አየን፣ ቆሻሻ ተብሎ የተለየውን አየን። ማመልከቻውን ከያዘው መሥሪያ ቤት ምንም የለም። አልመጣም ማለት ነው፣ ወይም መጥቶ ተደምስሷል። ልንለይ አልቻልንም። እህቴ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ፦ የላካችሁልኝ ነገር ካለ አላየሁትም፣ እባካችሁ እንደገና ላኩልኝ። ደብዳቤው ወጣ። ወዲያው የመተማዋን ልጅ ገጽ ከፈትኩ፤ የድሮውን ቃል እንደሞላሁ ክቡ መሽከርከር ጀመረና በዚያው ቀረ። ሸበካው ሄዷል።

"የእኔ!" አለች። "የእኔ ክፍት ሆኖ ቀረ!"

ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ኻልቲ ምን እንደሆነች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። "ኢሜይሉ ከተቆለፈ የእሷም ግማሹ ተቆልፏል" አሉ፤ ነገሩን ከእኔ ቶሎ ነው የገባቸው። የትናንቱን የውሃ ጠብ ረስተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

እህቴ ሸበካው ሲመለስ ቁጥራቸውን ከኢሜይሉ አውጥተን የእኔን ቁጥር እንድናስገባ አሰበች። የእኔ ሲም ወደ ሊቢያ በሄደች ልጅ ስም የወጣ ነው፤ ማንኛውም ቀን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የኻልቲ ይቆይ አልን። ቁጥር ለማንም የማይናገር ሰው ከዚያ የተሻለ የት ይገኛል?

ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ቀጥለው ግን "ነገ ባሱንዳ ወደ እርሻዬ እሄዳለሁ፤ ማረም ደርሷል፣ እርሻው ላይ ሸበካ የለም" አሉ።

"እስከ መቼ?" አለች እህቴ በአማርኛ። ተረጎምኩላቸው።

"ዝናቡ እንደፈቀደ" አሉ። እስከዚያ ኢሜይሉ ኮድ ቢጠይቅ የሚላከው ሸበካ የሌለበት ስልክ ላይ ነው።

እህቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ኔትወርክ የሌለበትን ስክሪን አብርታ ያዘችው። ሲጠፋባት ደግማ አበራችው።