የአሥር ደቂቃ ደመና

ያላየሁትን አልጽፍም። ይህን ስናገር ትዕቢት ይመስልብኛል፤ ይምሰል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሽቦ አጥር በተከበበች ትንሽ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ውስጥ፣ ስንት ዓመት ሙሉ በየሦስት ሰዓቱ እየወጣሁ ሰማይ አይቻለሁ። ጉንፋን ይዞኝም ወጥቻለሁ፤ ሆዴ ገፍቶ ጫማዬን ማሰር ሲያቅተኝም ወጥቻለሁ። ቴርሞሜትሮቹን አነባለሁ፣ የዝናብ መለኪያውን አያለሁ፤ ከዚያ አንገቴን ቀና አድርጌ ሰማዩን በሐሳቤ ስምንት ቦታ እከፍለውና ስንት ስምንተኛው በደመና እንደተሸፈነ፣ ደመናውም ምን ዓይነት እንደሆነ እጽፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

በእኛ ሙያ ከስድብ ሁሉ የሚከፋው «ቤት ቁጭ ብላ ነው የምትሞላው» የሚለው ነው። ሌባ ቢሉኝ እስቅ ይሆናል። ይህን ቃል ግን አንድ የካቲት ጠዋት፣ በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት።

የተናገረው ለቁጥጥር የመጣ ሰው ነበር። ሌሊቱን ደምበጫ አድሮ፣ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ገና እጁን ሳይታጠብ መዝገቤን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሦስት ቦታ በእርሳስ አከበበ። ሦስቱም የጠዋት ሦስት ሰዓት ምልከታዎች ናቸው፤ በሦስቱም ላይ «ሲረስ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ከአውሮፕላን የመጣ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሲረስ የምንለው ያንን ከሁሉ በላይ የሚውለውን፣ ከበረዶ ቅንጣት የተሠራውን፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሳሳውን ደመና ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«እንደተጻፈው ነው።»

«የአውሮፕላን ጭስ ከመቼ ወዲህ ነው ደመና የሆነው? ጎረቤትሽ ያለው ጣቢያ በሦስቱም ቀን ‹ጥርት ያለ ሰማይ› ብሏል። አንቺ ብቻ ነሽ ደመና ያየሽው። ወጥቶ ያየ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ቤት ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው።»

ከዚያ ድምፁን አለዝቦ፣ ሦስቱንም ሰርዤ ብፈርም ነገሩ እዚሁ እንደሚቀር፣ አለዚያ ግን «ያለ ምልከታ መዝገብ ትሞላለች» ብሎ ሪፖርት እንደሚያደርግ ነገረኝ። እንደዚያ የተጻፈበት ታዛቢ ከዚያ በኋላ እንጀራውን ቢበላም ስሙ ግን ጠፍቷል። የጻፈው ቁጥር ሁሉ፣ የደረቀው ዓመትም የጎርፉም ዓመት፣ ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ የመዝገባችንን ሕግ ልንገራችሁ። በእኛ መዝገብ ላይ ላጲስ አይነካም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ይተዋል፤ ከላዩ ትክክሉ ይጻፋል፤ ታዛቢው ይፈርማል። ስሕተትህ ዕድሜ ልክህን እያየህ ይኖራል። ስለዚህ መሰረዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ መመስከር ነው።

«አልሰርዝም» አልኩት። ከሦስቱ ቀኖች መካከለኛዋን ግን ሳላያት አለፍኩ። ወደ እሷ ኋላ እመለሳለሁ።

በሩ ላይ የጣቢያው ዘበኛ ቆመው ይሰሙ ነበር። በሬዎቻቸውን ለልጆቻቸው አስረክበው ግቢያችንን መጠበቅ የጀመሩ አዛውንት ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ጌታው፣ ይቅርታ ያርጉልኝና» አሉ፣ «ይቺ ልጅ ሰዓት ይዛ ነው እምትቆም። ቶሎ የጠፋውን አልጽፈውም ትላለች፤ የቆየውን ትጽፋለች። እኔ አይቻታለሁ።»

«አባት፣ ይህ የሙያ ጉዳይ ነው» አላቸው።

«ሙያውማ ለናንተ ነው። ሰማዩ ግን የተዘረጋው ለሁላችን ነው» ብለው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

ሰዓቴን አየሁ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው። ያ በየጠዋቱ በአናታችን ላይ ወደ ሰሜን የሚያልፈው ትልቅ አውሮፕላን የሚመጣበት ሰዓት ነው። «ይውጡ፤ ሰማዩ ራሱ ያሳይዎታል» አልኩት። ወጣን። ድምፁ ሳይደርስ አውሮፕላኑ ብቅ አለ፤ ከጅራቱ ትንሽ ፈቅ ብሎ ነጭ መስመር ጀመረ። መስመሩ ግን አጭር ነበር። ከፊት እየተሠራ ከኋላ እየጠፋ፣ ውሻ ጌታውን እንደሚከተል አውሮፕላኑን ተከትሎ ሄደ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሰማዩ እንደነበረው ሰማያዊ ሆነ።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። «ይኸው ደመናሽ» አለ። ፈገግታው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። «ይህንንማ እኔም አልጽፈውም» አልኩት። «ከአሥር ደቂቃ ያነሰ አይጻፍም፤ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ የቆየው ሲረስ ይባላል። መመሪያው የእኔ አይደለም፤ የእናንተ ነው። ጭስም አይደለም። ጭስ ቢሆን ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር ዝቅ ብሎ የሚያልፈውም ባጨሰ ነበር። አንድ ቀን መስመር ሲያሰምር አይቼው አላውቅም።»

ቀጠልኩ። ነዳጅ ሲቃጠል እንፋሎት ይወጣል፤ ማንኛውም ሞተር ያወጣዋል። ዝቅ ብሎ የሚበረው አውሮፕላን ያለበት አየር ሞቅ ስለሚል እንፋሎቱ ሳይታይ ይበተናል። ያኛው የሚያልፍበት ግን ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ አልፎ የሚቀዘቅዝ ነው። ትኩሱና እርጥቡ ትንፋሽ ከዚያ ቅዝቃዜ ጋር ሲደባለቅ፣ በጥር ንጋት አፋችን እንደሚያወጣው ያለ ጉም ይሠራል። እንፋሎቱ ከሞተሩ በሚወጣው ደቃቅ ጥቀርሻ ላይ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው ወዲያው በረዶ ይሆናል። ከጅራቱ ፈቅ ብሎ የሚጀምረውም መደባለቁና መቀዝቀዙ ጥቂት ጊዜ ስለሚፈልግ ነው።

«እሺ፣ ለምን ጠፋ ታዲያ?»

«ላይ ደረቅ ነዋ። በየካቲት ያሰጡት ልብስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? አየሩ ከደረቀ በረዶው እንፋሎት ሆኖ ይጠፋል። ላዩ በእርጥበት የጠገበ ቀን ግን በረዶው አይጠፋም፤ እንዲያውም ከአየሩ እየጠጣ ይወፍራል። አውሮፕላኑ የሚጥለው እርሾውን ብቻ ነው፤ ሊጡ ያለው ሰማይ ላይ ነው። እኛ እዚህ ታች ሆነን የላዩን እርጥበት አንለካም። ያ መስመር ነው የሚነግረን። ሰርዢው የሚሉኝ እሱን ነው።»

«ለሁሉም መልስ አለሽ» አለ።

«ጥያቄ ስላለ ነው።»

«ጎረቤትሽስ?»

«ጎረቤቴ ያየውን ጽፏል። መስመሩ በእኔ አናት ላይ ነው የሚያልፈው፤ ለእሱ በመካከላችን ካለው ኮረብታ ጀርባ ነው። እኔም ያየሁትን ጽፌያለሁ።»

ይህን ሁሉ ብልም ያን ቀን የተሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ሪፖርቱን በማግሥቱ ጠዋት ቴርሞሜትሮቹን አመሳክሮ ሲጨርስ እንደሚያጠናቅቀው ነግሮኝ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሰማይ አይለመንም፤ እኔም አልለመንኩትም። የተጻፈው እውነት ከሆነ ነገ ሰማዩ ባያግዘኝም እውነት ነው፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ መጣ። አውቶቡስ ሊይዝ ነው። ሰማዩ ከትናንቱ የሚለይ ነገር አልነበረውም፤ ጥርት ብሏል። ከሰማዩ ላይ እርጥበትን በዓይን ማወቅ አይቻልም። በዚያው ሰዓት አውሮፕላኑ መጣ፤ ከጅራቱ ፈቅ ብሎ መስመሩ ተጀመረ። የትናንቱ መስመር ያለቀበትን ቦታ አለፈ። ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘረጋ። ዘበኛው ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቤ ቆሙ።

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። በሦስተኛው ደቂቃ መስመሩ እንዳለ ነው። በአምስተኛው ጠርዙ መሻከር ጀመረ። በስምንተኛው ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ፤ የላይኛውና የታችኛው ነፋስ እኩል ስለማይሮጡ በመካከላቸው ያለውን ይጎትቱታል። በአሥረኛው ደቂቃ ክር የነበረው ነገር መቀነት አክሏል፤ ከሥሩም የበረዶ ቅንጣት እየወረደ እንደ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። መስመር ሆኖ ሲጀምር ያላየ ሰው ከእግዜር ደመና አይለየውም ነበር።

«አሥር» አለ ተቆጣጣሪው፣ በዝግታ።

እስክሪብቶዬን ሰጠሁት። «የሦስት ሰዓቱን እርስዎ ይጻፉ።»

ትንሽ አመነታ፤ ግን ጻፈ። ሲረስ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ከአውሮፕላን የመጣ። በገዛ እጁ፣ በእኔ መዝገብ። ከዚያም በእርሳስ ያከበባቸውን ሦስቱን ቦታዎች አየና፣ «በቃ፣ ሦስቱም ይቆዩ። ሪፖርት የለም» አለ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ዘበኛው ፊታቸው በርቷል። እኔ ግን እዚያች መካከለኛዋ ቀን ላይ ቆሜያለሁ።

ያ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ለገበያ ቸኩዬ ነበር። መስመሩን አራት ደቂቃ አየሁት፤ አምሮበታል፣ ወፍሯል፣ ይቆያል ብዬ ጽፌ ቦርሳዬን አነሣሁ። በሩን ስወጣ ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። ተመልሼ ማረም ነበረብኝ። ሚኒባሱ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሄድኩ። ሰኞም አላረምኩትም፤ በራሴ ጽሑፍ ላይ መስመር ማስመር አሳፈረኝ። ያላየሁትን አልጽፍም የምለው እኔ፣ አንድ ቀን ስድስት ደቂቃ ያላየሁትን ጽፌያለሁ።

መዝገቡን ወደ እኔ ሳብኩና እስክሪብቶዬን ከተቆጣጣሪው እጅ ተቀበልኩ። በመካከለኛዋ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ ከላይ «ደመና የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ሻንጣውን እንዳነሣ ቆሞ ቀረ። «አሁንማ ትቼልሻለሁ» አለ። «ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«እኔ።»

መዝገቡ ዛሬም መደርደሪያው ላይ ነው። ሦስት ሰርዢ ተብዬ አንድ ሰርዣለሁ፤ ያውም ሰርዢ መባሉ ከቀረ በኋላ። ሁለቱ ግን እዚያው ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም።