ለእኔ የተዘጋጀው መዝጊያ

እህቴ የግዥ ሠራተኛ ናት። ኢሜይሏን ሁሉ የምትዘጋው «ከሰላምታ ጋር፣ የግዥ ክፍል» ብላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጨምርላታል። ልጅ ስወልድ ረጅም ምርቃት ጻፈችልኝ፤ ከሥሩ ግን ያው «ከሰላምታ ጋር፣ የግዥ ክፍል» ይላል። ተናድጄ ደወልኩላት።

«ጨረታ ነው እንዴ ያሸነፍኩት?»

ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ሦስት መዝጊያ አዘጋጀች፦ ለመሥሪያ ቤት የቆየውን፣ ለውጭ አገር አቅራቢዎች በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ ደግሞ «ዓይንሽን ያሳየኝ፣ እህትሽ»።

በማግስቱ የሲሚንቶ ትእዛዝ ስትልክ ቸኩላ የእኔን መዝጊያ መረጠች። ተቀባዩ ፊታቸው የማይፈታ፣ ዕቃ በቀኑ አድርሰው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። እህቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መልሳቸው ግን ፈጥኖ መጣ፦

«ሲሚንቶው ዛሬ ይደርሳል። እኔንም ዓይንሽን ያሳየኝ፣ አባትሽ።»