ብሉዝን ለአዝማሪ አባት ማስረዳት

አባቴ አዝማሪ ነው። ስለ ጊታሬ ሲጠይቁት «ልጄ ሽቦ ይቧጥጣል» እያለ ሰው ያስቃል፤ ስጫወት ግን አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም። ጎንደር በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ብሉዝ ስለሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ እንዳስረዳ ስጋበዝ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። መጣ፤ ማሲንቆውን ይዞ ኋላ ተቀመጠ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ እኔ የፈራሁት ግን እሱን ብቻ ነው። ደብሮት ከወጣ ዳግመኛ የሚመጣ አልመሰለኝም።

ከጥጥ እርሻ ጀመርኩ። በአሜሪካ ደቡብ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ሲሠሩ አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ከባርነት በኋላ ድምፃዊው ጊታር አንግቶ ብቻውን ሲዞር ተቀባዩ ጊታሩ ሆነ። እዚህ ላይ የጠርሙስ አንገት ጣቴ ላይ ሰክቼ ክሩ ላይ አንሸራተትኩት፤ ድምፁ በሁለት ኖታዎች መሀል አለቀሰ። አባቴ ቀና አለ። በማሲንቆም ጣት እንዲሁ ነው የሚንሸራተተው።

ከዚያ ወደ ቅርጹ። ብሉዝ ባብዛኛው አራት አራት ምት ባላቸው አሥራ ሁለት ክፍሎች ይዞራል። አንድ ስንኝ በመነሻው ኮርድ፣ አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች፣ ይዜማል፤ ያው ስንኝ ከመነሻው አራተኛ ድምፅ ላይ በሚቆመው፣ በአራተኛው ኮርድ፣ ይደገማል፤ በአምስተኛው መልሱ መጥቶ ወደ መነሻው ይገባል። ለማሳያ አዜምኩ፦

«ወገራ ላይ ዘንቦ እኔን አራሰኝ»

ልደግመው ስል ከኋላ ሌላ ድምፅ ቀደመኝ። አባቴ! አዝማሪ ስንኝ ሲሰጡት ተቀብሎ ያዜማል እንጂ መቼ ዝም ይላል? አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብደነግጥም ጣቶቼ ወደ አራተኛው ኮርድ ሄዱ፤ ደጋሚዬ ራሱ መጣልኝ። የብሉዝ ዋና አምስት ድምፆች ከባቲ ቅኝት አንዱ መልክ ጋር ስለሚገጥሙ አብሮ የሚስበው ማሲንቆም አልተጋጨም። አንገቱን አስግጎ ቀጣዩን ጠበቀ። ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ይኼ ነው፦

«ጃንጥላ የያዘው አባቴ ረሳኝ»

ይኼንን አልደገመውም። ማሲንቆውን ብቻ አንድ ጊዜ ሳበ። አፍሬ ወደ ታሪኩ ሸሸሁ። ጥቁሮቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ከተሞች ሲሰደዱ በጫጫታው መሀል እንዲሰማ ጊታሩ ኤሌክትሪክ ተገጠመለት፤ ቤዝና ድራም ተጨመረ። ያንኑ ዙር አፍጥነው፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት በከበሮ ሲመቱት ሮክ ኤንድ ሮል ሆነ። እንግሊዛውያን ወጣቶች ከሸክላ ተምረው አስጮኹት፤ ከባድ ሮክ ከዚያ ወጣ። ሶል የሚባለው ሙዚቃም በብሉዝና በቤተ ክርስቲያን መዝሙር መሀል አደገ፤ የዛሬ ዘፋኝ ድምፁን ሲያንሸራትት የሚጠቀመው በዚያ ውርስ ነው። ከኋላዬ ምቱን ሲይዝልኝ የቆየውን ድራመራችንን ጠቀስኩት፤ ፈጠነ።

«ምነው ቸኮላችሁ?» አለ አባቴ። ግን እየሳቀ ወደ መድረኩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ጃንጥላው ሰፊ ነው ና ልጄ ጠጋ በል» አለ፤ በመነሻው ኮርድ። በአራተኛው ደገመው። ሦስተኛውን ስንኝ ለእኔ ተወ።

በመዝፈን ፈንታ የጠርሙሱን አንገት ክሩ ላይ አንሸራተትኩት። ጊታሩ ተቀበለልኝ።