ታፔላው ላይ የማን ስም ይጻፍ

እኔና ባልንጀራዬ የሂሳብ ሙያ ፈቃዳችንን ካናዳ ውስጥ እንደ አዲስ ተምረን ያገኘን ሰዎች ነን። በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን በሽርክና ልንሠራ ተስማማን። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ታክሲ የሚነዱና ትንንሽ ሱቅ የከፈቱ ያገራችን ሰዎች ነበሩ። የቀረን ስም ማስመዝገብ ብቻ ነበር።

የሙያ ማኅበራችን ደንብ ያኔ የቢሮ ስም ከሸሪኮቹ የቤተሰብ ስም እንዲወጣ ይፈልግ ነበር። የካናዳ ወረቀት የቤተሰብ ስም የሚለው ደግሞ የአባቶቻችንን ስም ነው። የእኔ አባት ስም ከገንዘብ፣ የእሱ አባት ስም «በላ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ብናስቀድመውም ብናስከትለውም ያገራችን ሰው ጆሮ ላይ የሚደርሰው «ገንዘቡን በላው» ነው። ባለቤቴ ስነግራት ሳቋ አላቆም ብሎ ወጡ አረረ።

በእኔ አባት ስም ብቻ እንክፈተው አልኩት። አባቱ ከአገር ቤት መጥተው ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር አብረውት ይኖሩ ነበርና፣ ስማቸው ታፔላ ላይ ሊወጣ መሆኑን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል።

«አባዬን ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቱ ዘንድ አብረን ሄድን። ሽማግሌው ሰምተውን ሲያበቁ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተን እናትህ ማን ብላ ነበር የምትጠራህ?»

የራሱን ስም ተናገረ።

«ታዲያ እሱን ጻፉት። እኔ ስም ያወጣሁልህ ልትጠራበት ነው።»

ለማኅበሩ ጽፈን እንደ ቤተሰብ ስም የሚያዝ ነገር በእኛ ዘንድ እንደሌለ አስረዳን። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ ደውላ የሚስቴ አባት ስም ለምን ከእኔ እንደሚለይ፣ ልጄስ በማን እንደሚጠራ በትዕግሥት ጠየቀችኝ። ከሳምንታት በኋላ በራሳችን ስም እንድንጠራ ተፈቀደልን፤ ስሙንም በክፍለ ሀገሩ መዝገብ አስገባን።

አገሩ ከገባሁ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ በአባቴ ስም ስጠራ ኖሬአለሁ። ስልኩ ጮኾ አንድ ፈረንጅ «ሚስተር» ብሎ የራሴን ስም ሲያስከትል ጊዜ፣ አብሮ አደጌ የጠራኝ ያህል ደነገጥኩ።

ሽማግሌው በክረምት ሳይቀር በባቡር እየመጡ እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ የልጃቸውን ስም ይጠሩና የራሳቸውን ከኋላ ያስከትላሉ፤ ረጋ ብለው፣ አንዲት ፊደል ሳይውጡ። ደንበኞቹም «ይባረክልዎ» ይሏቸዋል። ያን ድምፅ ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ የሠራሁባቸው ዓመታት ዛሬም ይናፍቁኛል።